የትኛው ዳገት ይቅደም? በካቺሲ ዙሪያ የተራቆተ መሬትን በደረጃ ስለማስቀመጥ

ከጊንጪ ከተማ ተነሥቶ በጀልዱ በኩል ወደ ሰሜን የሚያመራውን መንገድ የተጓዘ ሰው፣ የግንደበረት ወረዳ መቀመጫ ወደሆነችው ካቺሲ ሲቃረብ ምድሩ በሁለት የተከፈለ መስሎ ይታየዋል። ከኋላው በባሕር ዛፍ የታጠረና በጤፍና በስንዴ ማሳ የተሸፈነ ደጋ አለ፤ ከፊቱ ደግሞ መሬቱ ጠርዙ ላይ ደርሶ ወደ ዓባይና ወደ ጉደር ሸለቆ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ ጠርዝ ላይ የቆመ ተመልካች «ከሁሉ አስቀድሞ መዳን ያለበት መሬት የቱ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ጣቱን ወደ ገደሉ እንደሚቀስር አያጠራጥርም። አፈር በዚያ ሲወርድ በዓይን ይታያልና።

ጥያቄው ግን ለተመልካች ብቻ የሚቀርብ አይደለም። አንድ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት በየዓመቱ፣ አዝመራ ተሰብስቦ ገበሬው እፎይ በሚልባቸው የበጋ ወራት፣ ሕዝቡን አስተባብሮ እርከን ያሠራል። ጉልበቱ የተወሰነ ነው። አንድ ቀበሌ 300 ሠራተኛ ለ30 ቀን ቢያሰልፍ 9000 የሰው ቀን ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የኅብረተሰብ ተፋሰስ ልማት መመሪያ አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን ለመሥራት 150 የሰው ቀን ይመድባል። አሥር በመቶ ተዳፋት ባለው መሬት ላይ እርከኖቹ በየ10 ሜትሩ ቢሠሩ ለአንድ ሄክታር አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የዓመቱ ጉልበት በሙሉ 60 ሄክታር ያዳርሳል ማለት ነው። ንዑስ ተፋሰሱ 500 ሄክታር ቢሆን ሥራው ከ8 ዓመት በላይ ይወስዳል። ለጽሕፈት ቤቱ የሚቀርበው የመሬት መራቆት ጥናት ማጠቃለያ ደረጃ የሚያወጣው ለዚህ ነው። በሰንጠረዡ መጨረሻ የተጻፈ መንደር ለዓመታት ይጠብቃል።

እንዲህ ያለው ማጠቃለያ በተለምዶ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ሲሆን፣ አንድ ባለቀለም ካርታና አንድ ሰንጠረዥ ይይዛል። በካርታው ላይ ቀይ «እጅግ የተጎዳ»፣ ብጫ «መካከለኛ»፣ አረንጓዴ «ዝቅተኛ» ማለት ነው። በሰንጠረዡ ደግሞ ንዑስ ተፋሰሶች ከአንድ ጀምሮ በተራ ቁጥር ይደረደራሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የአፈር ሊቅ አይደለም፤ የፊዚክስ መምህር ነው። ይሁን እንጂ ቁጥር ሲደረደር ባየ ጊዜ «ይህ ቁጥር በስንት ይሳሳታል?» ብሎ መጠየቅ የሙያው ልማድ ስለሆነ፣ ተራ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ አንባቢን ይዞ ደረጃ በደረጃ ሊመለከተው ይወዳል።

የስሌቱ መነሻ አሜሪካዊ ነው። ዊሽማየርና ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ የእርሻ ማሳዎች ላይ ለዓመታት ከተሰበሰበ ልኬት አንድ ቀመር አወጡ። የማነጻጸሪያ ማሳቸው ርዝመት 22.1 ሜትር፣ ተዳፋቱም 9 በመቶ ነበር። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች የልኬት ጣቢያዎችን አቋቋመ። ከእነዚህ አንዱ ከካቺሲ አንጻር ከዓባይ ማዶ በጎጃም የሚገኘው አንጀኒ ነው። የፕሮግራሙ መሪ የነበሩት ሃንስ ሁርኒ ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ አስማምተው አቀረቡት። ዛሬም በወረዳ ደረጃ የሚዘጋጁ አብዛኞቹ ጥናቶች የእርሳቸውን ሰንጠረዦች ይጠቀማሉ። ቀመሩ የስድስት ቁጥሮች ብዜት ነው፦

A = R × K × L × S × C × P

በግራ ያለው A በዓመት ከአንድ ሄክታር ታጥቦ የሚሄደው አፈር በቶን ነው። R የዝናቡ ኃይል ሲሆን ሁርኒ ከዓመታዊ የዝናብ መጠን ያሰሉታል፤ የዝናቡን ሚሊ ሜትር በ0.562 አባዝቶ 8.12 መቀነስ ነው። K የአፈሩ ተጋላጭነት ነው። ይህም በአፈሩ ቀለም ይወሰናል፤ ለጥቁር አፈር 0.15፣ ለቡናማ 0.20፣ ለቀይ 0.25 ነው። L የተዳፋቱን ርዝመት፣ S የተዳፋቱን መጠን፣ C መሬቱን የሚሸፍነውን ነገር፣ P ደግሞ ገበሬው የሚወስደውን የጥበቃ እርምጃ ይወክላሉ። ለምሳሌ C ለጥቅጥቅ ደን 0.001 ሲሆን ለጤፍ 0.25 ነው። ሁለቱን የሚለየው 250 እጥፍ ነው።

አሁን ሦስት ቦታዎችን እናስብ። ቁጥሮቹ በካቺሲ ዙሪያ የሚታየውን ዓይነት መሬት እንዲመስሉ ለስሌት የተመረጡ እንጂ ከአንድ የተወሰነ ቀበሌ የተለኩ አይደሉም። «ሀ» የምንለው ወደ ሸለቆው በሚወርደው ገደላ ገደል ላይ ያለ የማሽላ ማሳ ነው። ተዳፋቱ 60 በመቶ ነው፤ ይህም 100 ሜትር አግድም ሲሄዱ 60 ሜትር ይወርዳሉ ማለት ነው። አፈሩ ቡናማ፣ ዝናቡ 1200 ሚሊ ሜትር ነው። «ለ» በደጋው ላይ ያለ የቀይ አፈር የጤፍ ማሳ ነው፤ ተዳፋቱ 10 በመቶ፣ ዝናቡ 1400 ሚሊ ሜትር። «ሐ» በዚያው ደጋ ላይ ዝቅ ብሎ የተኛ፣ በኦሮምኛ ኮቲቻ የሚባለው ጥቁር የዋልካ አፈር ነው፤ ስንዴ የተዘራበት ሲሆን ተዳፋቱ 5 በመቶ ብቻ ነው። በሦስቱም ቦታ ገበሬው ተዳፋቱን አግድም ስለሚያርስ P 0.9 ነው።

ለ«ለ» ስሌቱን አብረን እናድርገው። 1400 በ0.562 ሲባዛ 786.8 ይሆናል፤ 8.12 ሲቀነስ 779 ገደማ ይቀራል። ይህን በቀይ አፈር 0.25፣ በ40 ሜትር ርዝመት 1.4፣ በ10 በመቶ ተዳፋት 1.0፣ በጤፍ 0.25፣ በመጨረሻም በ0.9 ስናባዛ በሄክታር 61 ቶን እናገኛለን። በተመሳሳይ መንገድ «ሀ» 81 ቶን፣ «ሐ» 12 ቶን ይሰጣሉ። ሰንጠረዡ ተጠናቀቀ፤ ገደሉ አንደኛ፣ ቀዩ ማሳ ሁለተኛ፣ ጥቁሩ ሦስተኛ። ካርታው በቅደም ተከተል ቀይ፣ ብጫና አረንጓዴ ይቀባል። ገደሉን በጣቱ ያሳየን ተመልካችም ትክክል የሆነ ይመስላል።

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ግን ተማሪ የመለካቱን ስህተት ሳይጽፍ ውጤት ቢያቀርብ ደብተሩ ይመለስለታል። እኛም እንዲሁ እናድርግ። የዝናቡ ኃይል በ10 በመቶ፣ የአፈሩ ቁጥር በ25 በመቶ፣ ርዝመትና ተዳፋት ተደምረው በ25 በመቶ፣ የሽፋኑ ቁጥር ደግሞ በ30 በመቶ ሊሳሳቱ ይችላሉ ብለን እንገምት። ይህ ግምት ለጋስ ነው፤ አፈርን በቀለሙ ብቻ የሚለይ ሰንጠረዥ በሩብ ብቻ ከተሳሳተ መልካም ነው። በብዜት ውስጥ እርስ በርስ የማይገናኙ ስህተቶች የሚደመሩት በስኩዌራቸው ስለሆነ፣ የአራቱን ስኩዌር ደምረን ስኩዌር ሩቱን ስንወስድ 47 በመቶ እናገኛለን። ስለዚህ ለ«ሀ» የሚጻፈው 81 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 38፣ ለ«ለ» 61 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 29 ነው። አንዱ ከ43 እስከ 119፣ ሌላው ከ32 እስከ 90 ይደርሳል። ሁለቱ ክልሎች በአብዛኛው ተደራርበዋል።

አስተዋይ አንባቢ «የዝናቡ ስሌት ለሁሉም አንድ ስለሆነ ስህተቱም የጋራ ነው፤ ስናወዳድር ይጠፋል» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ክርክሩም ትክክል ነው። ነገር ግን ከአራቱ ስህተቶች ትንሹ እርሱ ስለሆነ መጥፋቱ ብዙ አይረዳንም። የአፈሩ፣ የተዳፋቱና የሽፋኑ ስህተት እንዳለ ይቀራል። የ«ሀ» እና የ«ለ» ውድር 1.3 ብቻ በመሆኑ፣ ማሽላው ትንሽ ጥቅጥቅ ቢል ወይም የጤፉ ማሳ ትንሽ ቢሳሳ ቅደም ተከተላቸው ይገለበጣል። «ለ» ከ«ሐ» ግን በአምስት እጥፍ ይበልጣል፤ ያንን ለመገልበጥ ስህተቶቹ ሁሉ ተባብረው ወደ አንድ ወገን ማዘንበል አለባቸው። ስለዚህ ከዚህ ሰንጠረዥ በሐቅ ሊነገር የሚችለው «ሀ እና ለ ከፍተኛ፣ ሐ ዝቅተኛ» የሚል ብቻ ነው። አንደኛና ሁለተኛ የሚባል ነገር የለም።

ለ«ሀ» ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቀመር የተመሠረተበት ልኬት የተሰበሰበው ከ3 እስከ 18 በመቶ ተዳፋት ካላቸው ማሳዎች ነበር። 60 በመቶ ላይ የምንጠቀምበት ቁጥር ልኬቱ ካለበት ክልል ውጭ የተዘረጋ መስመር ነው። በዚያ ላይ ተዳፋቱን የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ፒክስል 30 ሜትር በ30 ሜትር ከሆነ የሳተላይት የከፍታ መረጃ ነው። እንዲህ ያለው መረጃ ገደልን ያለዝባል፤ ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ ጥሩ እርከንንም ፈጽሞ አያየውም። በመሆኑም ገበሬው ለፍቶ ያዳነው ዳገት በካርታው ላይ ቀይ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

የሽፋኑ ቁጥር የሚወጣበት የሳተላይት ምስልም የራሱ ወጥመድ አለው። ደመና የሌለበት ምስል የሚገኘው ከጥቅምት ወዲህ ነው፤ በዚያን ጊዜ የጤፍ ማሳ ገና ያልታጨደ ነውና ለምለም ሆኖ ይታያል። አፈሩን የሚያጥበው ዝናብ ግን የሚወርደው በሰኔና በሐምሌ፣ ማሳው ደጋግሞ ታርሶና ልሞ ራቁቱን ባለበት ጊዜ ነው። ጥናቱ የጥቅምቱን አረንጓዴ አምኖ ቁጥር ከሰጠ በጤፍ አገር ላይ ያለው ግምት ሁሉ ዝቅ ይላል። ከጀልዱ ጀምሮ መንገዱን ግራና ቀኝ የሚከተለው ባሕር ዛፍም ከሰማይ ሲታይ ደን ነው። ከሥሩ ገብቶ ያየ ግን ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ መሬቱ ባዶ የሆነበትን ቦታ ብዙ ጊዜ ያገኛል። የዝናብ ጠብታን የሚያበርደው ከላይ ያለው ቅጠል ሳይሆን መሬት ላይ የተነጠፈው ነውና፣ ለዚህ ዓይነቱ ተክል የደን ቁጥር መስጠት ከባድ ስህተት ነው።

እስካሁን ያየነው ቀመሩ በሚያውቀው ነገር ላይ የሚሠራውን ስህተት ነው። ከዚህ የሚከፋው ጨርሶ የማያውቀው ነው። ቀመሩ የሚያሰላው በማሳው ገጽ ላይ በስሱ የሚታጠበውንና በትናንሽ ቦዮች የሚወርደውን አፈር ብቻ ነው። ቦረቦርን አይቆጥርም። አረንጓዴ የቀባነው የ«ሐ» ጥቁር አፈር ደግሞ የቦረቦር አገር ነው።

ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ከሥር መተላለፊያ ያበጃል፤ መተላለፊያው ሲደረመስ ግድግዳው ቀጥ ያለ ቦይ ይወለዳል። እንግዲህ በ20 ሄክታር ተፋሰስ ውስጥ አንድ ቦረቦር አለ እንበል፤ ርዝመቱ 200 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ነው። ራሱ በዓመት 5 ሜትር ወደ ላይ ቢሸሽ 60 ሜትር ኩብ አፈር ይበላል። ሁለቱም ግድግዳዎች በዓመት 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢናዱ ደግሞ ሌላ 240 ሜትር ኩብ ይጨመራል። አንድ ሜትር ኩብ 1.3 ቶን ቢመዝን ጠቅላላው 390 ቶን ነው፤ ለ20 ሄክታር ሲካፈል በሄክታር 19.5 ቶን ይደርሳል። ቀመሩ 12 ቶን ያለው ቦታ በእውነቱ ከ31 ቶን በላይ ያጣል። ከግድግዳው መናድ ከራሱ መሸሽ አራት እጥፍ መብለጡንም ልብ ይሏል፤ ሰው የሚያየው ግን የራሱን መሸሽ ነው።

ጉዳቱ በቶን ብቻ አይለካም። በዚህ ስሌት በየዓመቱ 100 ካሬ ሜትር መሬት ለዘለዓለሙ ከእርሻ ይወጣል። ቦረቦሩ ውኃውን ከግራና ቀኝ ስለሚያንጠፈጥፍ ዳርና ዳሩ ያለው የግጦሽ ሣር ቀድሞ ይደርቃል። ቦረቦሩ ሕያው መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከግድግዳው ሥር አዲስ የወደቀ ጓል ካለ፣ ከጠርዙ ጎን ለጎን ስንጥቅ ከተዘረጋ፣ ወለሉ ላይ ሣር ካልበቀለ በመብላት ላይ ነው። ወለሉ ሣር ካበቀለና ግድግዳው ከዘመመ ግን ደክሟል፤ ጉልበት ሊወጣበት አይገባም።

በሕያው ቦረቦር ላይ የሚሠራው ክትርም በአንድ የታወቀ ምክንያት ይከሽፋል። ድንጋዩ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እኩል ተደርድሮ መካከሉ ዝቅ ካልተደረገ፣ ጫፎቹም ወደ ግድግዳው ውስጥ ተቆፍረው ካልገቡ፣ ጎርፉ ክትሩን ትቶ ጎኑን ይበላና አልፎ ይሄዳል። በሚቀጥለው ዓመት ክትሩ በሰፋው ቦረቦር መካከል ብቻውን ቆሞ ይገኛል። ከክትሩም በፊት ከላይ ወደ ቦረቦሩ ራስ የሚገባውን ጎርፍ በመቀልበሻ ቦይ ወደ ሌላ ማፋሰሻ መመለስ ይቀድማል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ስንት አፈር ሄደ ሳይሆን ስንት ቀረ የሚል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ከአንድ ሄክታር ላይ ሲነሣ 10 ሜትር ኩብ፣ ወይም በቀላሉ 12 ቶን ገደማ ነው። እንግዲህ ቀዩ የ«ለ» ማሳ 61 ቶን ሲያጣ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸረሸራል። የአፈሩ ጥልቀት 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ከ25 ሳንቲ ሜትር በታች ሲወርድ ሰብል በወጉ አይበቅልበትም ብንል፣ የቀረው ዕድሜ 49 ዓመት ነው። ዛሬ ማሳውን የተረከበ ወጣት ገበሬ በእርጅናው መጨረሻውን ያያል ማለት ነው። የ«ሐ» ጥልቀት አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን በማሳው ገጽ በኩል ከሺህ ዓመት በላይ ይቆያል፤ ጠላቱ ቦረቦሩ ብቻ ነው። የ«ሀ» አፈር ግን ከቀድሞውኑ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን መስመሩን አልፏል። አንደኛ የወጣው ቦታ ለሰብል ሊድን የሚችለው አፈር ቀድሞ የሄደበት ሆኖ ተገኘ።

(አዲስ አፈር በየዓመቱ እንደሚፈጠር የሚያውቅ አንባቢ ስሌቱ ይህን ዘለለ ሊል ይችላል። ሁርኒ ለኢትዮጵያ የሰጡት የአፈር መፈጠር ግምት በሄክታር ከ2 እስከ 22 ቶን ይደርሳል። በመካከል 10 ቶን ብንወስድ የ«ለ» ዕድሜ ከ49 ወደ 59 ዓመት ይረዝማል። አፈሩ ቀስ ብሎ ይሄዳል እንጂ መሄዱን አይተውም።)

እንዲህ ሲታይ የበጋው ጉልበት ወዴት መሄድ እንዳለበት ራሱን ይገልጣል። በ«ለ» ላይ በየ10 ሜትሩ እርከን ቢሠራ የተዳፋቱ ርዝመት ከ40 ወደ 10 ሜትር ይቆረጣል፤ የL ቁጥርም ከ1.4 ወደ 0.7 ይወርዳል፤ የሚታጠበው አፈር በግማሽ ይቀንሳል፤ የማሳው ዕድሜም በእጥፍ ይረዝማል። ለዚህ የሚከፈለው በሄክታር 150 የሰው ቀን ብቻ አይደለም። እርከኑ ራሱ አንድ ሜትር ስፋት ቢይዝ ከማሳው አሥር በመቶውን ይወስዳል። በዚያ ላይ ዝናብ በሚበዛበት አገር ፍጹም ደልዳላ ሆኖ የተሠራ እርከን ውኃ አቁሮ ሰብሉን ቢጫ ያደርገዋል፤ ወይም በሐምሌ ሞልቶ ይሰበርና ከላይ እስከ ታች ያሉትን ተከታታይ እርከኖች ይዞ ይወርዳል። በአንጀኒ እርከኖቹ በትንሹ ዘንበል ተደርገው ውኃውን ወደ ማፋሰሻ እንዲመሩ የተሠሩት ስለዚህ ነው። ማፋሰሻው ሳይዘጋጅ እርከን መቆፈር ከጀመረ ዘመቻ የሚገኘው አዲስ ቦረቦር ነው።

ገደሉስ ይተው? አይተውም፤ መድኃኒቱ ሌላ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456፣ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ከመተካቱ በፊት፣ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ደንግጎ ነበር። «ሀ» በዚህ መስመር ላይ የቆመ ነው። ማሽላው ቀርቶ መሬቱ ቢከለልና ጥቅጥቅ ሣር ቢሸፍነው C ከ0.10 ወደ 0.01 ይወርዳል፤ ከ81 ቶን 9 ቶን ይቀራል። በሄክታር 72 ቶን ያለ አንድ ዶማ ይድናል ማለት ነው፤ እርከኑ በ«ለ» ላይ ከሚያድነው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። በጉልበት ሂሳብ ከዚህ የረከሰ ሥራ የለም።

ሂሳቡን የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው ነው። እስከ ገደሉ ድረስ ወርዶ ማሽላ የሚዘራ ሰው ወደዚያ የወረደው በላይኛው ደጋ መሬት ስላልደረሰው ነው። ማሳው ሲከለል አዝመራውን ያጣል፤ የደጋው ባለማሳ ደግሞ በመንደሩ ጉልበት እርከን ይሠራለታል። በቶን የተጻፈው ሰንጠረዥ ይህን የሚያሳይ ዓምድ የለውም። የሚበቅለው ሣር ታጭዶ ለከብት የሚውልበት መብት፣ የንብ ቀፎ የሚሰቀልበት ፈቃድ ለማን እንደሚሰጥ መሬቱ ከመከለሉ በፊት ካልተወሰነ፣ በሁለተኛው ዓመት ከብቶቹ ተመልሰው ይገባሉ። የመከለልን ሥራ ሳየው ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው በሥነ ምህዳር ጉዳይ ሳይሆን በዚህ ነው።

አንባቢ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውን ታላቁን የህዳሴ ግድብ ማስታወሱ አይቀርም። ጥያቄው «ወደ ግድቡ የሚሄደውን ደለል ማን ይልካል?» የሚል ቢሆን ኖሮ መልሱ እንደገና ይለወጥ ነበር። ከደጋው የታጠበ አፈር ብዙው በየአጥሩ ሥር፣ በየሜዳውና በየሣሩ ይቀራል፤ ከሸለቆው ግድግዳ የወረደው ግን ወንዙን ለማግኘት ብዙ አይጓዝም። ለግድቡ «ሀ» አንደኛ ነው፤ ለካቺሲ የእህል ጎተራ «ለ» አንደኛ ነው፤ ለዚህ ዓመት አጣዳፊነት ደግሞ «ሐ»፣ ምክንያቱም ቦረቦሩ በሚቀጥለው ክረምት የሚረዝመው ለመድኃኒቱ የሚያስፈልገውን ድንጋይና ጉልበት እየጨመረ ነው።

ስለዚህ ለአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ማጠቃለያ ጻፍ ብባል ተራ ቁጥሩን ትቼ ሦስት አጫጭር ዝርዝሮች እጽፋለሁ። የመጀመሪያው እርከን የሚሠራባቸው፣ ገና የሚድን አፈር ያላቸው ማሳዎች ሲሆን፣ የሚደረደሩት በቀረው ዕድሜ ነው። ሁለተኛው ሕያው ቦረቦሮች ናቸው፤ እነዚህ በካርታ አይገኙም፣ በእግር ይቆጠራሉ። ሦስተኛው የሚከለሉ ገደላ ገደሎች ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ አንጻር በዚያ የሚያርሰው አባወራ ብዛትና የሚሰጠው ምትክ ይጻፋል። ስህተታቸው የሚደራረብ ቦታዎች በአንድ መደብ ይቀመጣሉ። በአንድ መደብ ውስጥ ማን ይቅደም የሚለውን የቀበሌው ሕዝብ ተሰብስቦ ይወስን፤ ቀመሩ በዚያ ላይ የሚለው ነገር የለውም።

ከዚያም ቁጥሩን መሬት ላይ ማረጋገጥ ይቀራል። ይህ ሥራ ርካሽ ነው። በሐምሌ መጨረሻ ወደ ቀዩ ማሳ ወርዶ ጎርፍ የሠራቸውን ትናንሽ ቦዮች ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት በሜትር መለካት፣ ሦስቱን አባዝቶ መደመር ነው። ከድንጋይ ሥር ተከልሎ የቀረ አፈር ስንት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንደቆመ፣ የዛፍ ሥር ምን ያህል እንደተገለጠ መመልከት ነው። ገበሬውን ሞፈሩ ከመቼ ጀምሮ ከሥር ያለውን ሌላ ቀለም አፈር ማውጣት እንደጀመረ መጠየቅ ነው። ለቦረቦሩ ደግሞ ከራሱ ሁለት ሜትር ወደ ላይ አንድ፣ ከግድግዳዎቹ ግራና ቀኝ አንድ ሜትር ርቆ ጥቂት የእንጨት ችካሎች በግንቦት ይተከላሉ። ከእያንዳንዱ ችካል እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት በደብተር ይጻፋል። በጥቅምት ተመልሶ ያው ርቀት ይለካል፤ ከራሱ በላይ የተተከለው ችካል ከነአካቴው ከጠፋ ቦረቦሩ በአንድ ክረምት ከሁለት ሜትር በላይ ሸሽቷል።